ከቴሌግራም መልእክት ወደ ደብዳቤ፦ ለፍስሐ ገነት የቡና አቅራቢዎች የቀረበ ዲስኩር

ክቡራን የቡና አቅራቢዎች፣ የመፈልፈያ ጣቢያ ኃላፊዎች፣ የማኅበራት ጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች፤

ከቆቸሬ ቀበሌዎች የተለቀመው እሸት ቡና እዚህ ተፈልፍሎና ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ደርቆ አዲስ አበባ ላኪው መጋዘን እስኪገባ ድረስ ሥራው የሚመራው በአብዛኛው በስልክና በቴሌግራም ነው። መልእክቱ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ለሥራው ፍጥነት ይህ አያስነቅፍም። ችግር የሚመጣው ደንበኛው «በደብዳቤ አሳውቁን» ሲል ነው። ደብዳቤው ፋይል ይገባል፤ ውሉ ባከራከረ ጊዜም የሚወጣው እሱ ነው። ዛሬ የማሳያችሁ መልእክቱ ወደ ደብዳቤ የሚለወጥበትን መንገድ ነው።

ለማሳያ ያዘጋጀሁትን አንድ መልእክት እንመልከት። የጣቢያ ኃላፊ ሐሙስ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ለላኪ ድርጅት የግዢ ሠራተኛ የጻፈው ነው እንበል። እንግሊዝኛዎቹን በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ።

«ብሮ፣ የሎት 3 ሳምፕል ትናንት ሰንድ ተደርጓል፣ ኮንፈርም አድርጉልኝ። ሎት 4 ሞይስቸሩ ትንሽ ሃይ ስለሆነ ዲሌይ ሆኗል። ማንዴይ 2 ላይ 300 ፈረሱላ ሎድ እናደርጋለን፣ መኪናው ሬዲ ይሁን። ፕራይሱን ግን ሪቫይዝ ብናደርገው ቤተር ነው።»

ብዙ ጸሐፊ የእንግሊዝኛውን ቃል እየነቀለ በቦታው የአማርኛ ቃል ይተክልና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። «ኮንፈርም አድርጉልኝ» የሚለው «አረጋግጡልኝ» ይሆናል። ግን ምኑን? ናሙናው እጃቸው መግባቱን ነው ወይስ ቀምሰው መቀበላቸውን? በቡና ንግድ በነዚህ በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። መድረሱን የሚያሳውቅ ደንበኛ ገና ምንም ግዴታ አልገባም፤ የናሙናውን ጥራት የተቀበለ ደንበኛ ግን ሎቱን ለመረከብ መንገድ ጀምሯል። «አረጋግጡልን» ተብሎ የተጻፈለት ሰው «አዎ፣ ደርሶናል» ብሎ ይመልስና፣ አቅራቢው ናሙናው ጸደቀልኝ ብሎ ይጭናል። ስለዚህ ጸሐፊው ቃል ከመምረጡ በፊት ኃላፊውን መጠየቅ አለበት። ከዚያም «ናሙናው መድረሱን» ወይም «የናሙናውን ጥራት መቀበላችሁን» ብሎ ለይቶ ይጻፍ።

ሁለተኛው ቦታ «ዲሌይ ሆኗል» ነው። እንግሊዝኛን ከአማርኛ የምናጋባው በሁለት ግሶች ነው፤ በ«አደረገ» እና በ«ሆነ»። «ዲሌይ አደረግነው» ያለ ሰው አድራጊውን ይናገራል፤ «ዲሌይ ሆነ» ያለ ግን አድራጊውን ይሰውራል። ደብዳቤው ላይ «ሎት 4 ዘግይቷል» ተብሎ ሲጻፍ ይኸው መሰወር ይቀጥላል፤ ደንበኛውም «ማን አዘገየው?» ብሎ መልሶ ይጽፋል። እዚህ ላይ ኃላፊው የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው፦ ሰማዩ ደመናማ ስለነበር አልጋው በቀንም ተሸፍኖ ውሏል፤ ቡናው አልደረቀም። ይህ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም። በግልጽ ቢጻፍ ያስከብራል፤ እርጥበቱ ሳይወርድ የተላከ ቡና መጋዘን ውስጥ እንደሚበላሽ ደንበኛውም ያውቃል።

«ትንሽ ሃይ» የሚለውም በደብዳቤ ቦታ የለውም። እርጥበት በመለኪያ የሚነበብ ነገር ነውና ቁጥሩ ይጻፍ፦ 13 በመቶ። ውሉ የሚፈቅደው 11.5 በመቶ ከሆነ እሱም ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው «ማንዴይ 2 ላይ» የሚለውን ነው። ቀኑን በእንግሊዝኛ የጠራ ሰው ሰዓቱንም በፈረንጅ ቆጥሮት ይሆን? ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። በእኛ ቆጥሮት ከሆነ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ የጭነት መኪና ስድስት ሰዓት ቆሞ ቢውል የሚከፈለውን ታውቃላችሁ። ይህን በግምት መሙላት አይፈቀድም፤ ኃላፊው ይጠየቅ። መልሱ «ጠዋት» ቢሆን፣ ደብዳቤው «ሰኞ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ይላል። «ትናንት» የሚለውም በቀን ይተካ፤ ደብዳቤው ከወር በኋላ ሲነበብ «ትናንት» የትኛው ቀን እንደሆነ አይታወቅም። የሚጫነው የትኛው ሎት እንደሆነም መልእክቱ አልተናገረም፤ ሎት 3 መሆኑ ይጻፍ። 1 ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ስለሆነ 300ው ፈረሱላ 5,100 ኪሎ ግራም ነው፤ ሁለቱም ቢጻፉ ጥሩ ነው።

ስለ ዋጋ የተጻፈውን ግን እኔ ከዚህ ደብዳቤ አወጣዋለሁ። «ሪቫይዝ ብናደርገው» ይጨመር ይሁን ይቀነስ አይለይም፤ ሐሳብ ይሁን ጥያቄም አይታወቅም። ደግሞም የመዘግየት ዜናና የዋጋ ጥያቄ በአንድ ገጽ ሲቀመጡ ዛቻ ይመስላሉ። አቅራቢው ቁጥሩን ሲወስን በሌላ ደብዳቤ ይጠይቅ።

ቋንቋውን አንድ ወጥ ማድረግ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ሳምፕል»ን «ናሙና» ካላችሁት እስከ መጨረሻው «ናሙና» ይሁን፤ አንዴ «ናሙና» አንዴ «ሳምፕል» ከሆነ አንባቢው ሁለት ነገር ያስባል። «ሎት»ን ግን አትንኩት። ውሉም ሆነ የጆንያው ምልክት የሚጠራው በዚህ ስም ነው፤ «ክምችት» ወይም «ድርሻ» ብትሉት ማንም አይለየውም። «ፓርችመንት»ም እንዲሁ ይቆይ። መለኪያው ቃሉ ከየት መጣ የሚለው አይደለም፤ ተቀባዩ በዚያ ቃል አንድ ነገር ብቻ ይረዳል ወይ የሚለው ነው። አክብሮቱም ወጥ ይሁን። ለድርጅት የምትጽፉ ከሆነ «ድርጅታችሁ» ብላችሁ ጀምራችሁ «ያሳውቁን» ብላችሁ አትጨርሱ።

እንግዲህ ደብዳቤው ቀን፣ ቁጥርና አድራሻ ከተጻፈበት በኋላ እንዲህ ይነበባል፦

«ጉዳዩ፦ የሎት 3ን ጭነትና የሎት 4ን መዘግየት ስለማሳወቅ

የሎት 3 የታጠበ ቡና ናሙና ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ልከንላችኋል። የናሙናውን ጥራት መቀበላችሁን እስከ ጥር 17 ቀን በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን። ከተቀበላችሁት 5,100 ኪሎ ግራም (300 ፈረሱላ) ሰኞ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ፍስሐ ገነት ከሚገኘው ጣቢያችን ስለምንጭን፣ የጭነት መኪናችሁ በተባለው ሰዓት እንዲገኝ ታደርጉልን ዘንድ እናሳስባለን።

የሎት 4 እርጥበት 13 በመቶ ሲሆን በውላችን ከተፈቀደው 11.5 በመቶ ይበልጣል። አየሩ ደመናማ በመሆኑ ማድረቁ ስላልተጠናቀቀ ርክክቡን አዘግይተናል። እርጥበቱ ሲስተካከል አዲሱን የርክክብ ቀን በደብዳቤ እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር»

«እስከ ጥር 17» የሚለው በመልእክቱ ውስጥ አልነበረም፤ ኃላፊው ተጠይቆ የሰጠው ነው። ጸሐፊው ከራሱ ምንም ቀን እንዳይጨምር አደራ።

ከመፈረማችሁ በፊት ደብዳቤውን መልእክቱን ላላየ የሥራ ባልደረባ ስጡት። ምን፣ መቼ፣ ስንትና በማን ኃላፊነት እንደሆነ አንብቦ ይንገራችሁ። አንዱን እንኳ መመለስ ካቃተው ደብዳቤው አልተጠናቀቀምና አትፈርሙት።