በዋጋና በክፍያ መካከል ያለው ልዩነት



ከቡሹሎ ሆኖ በ100 ዶላር የሙያ መጽሐፍ ከውጭ አገር በካርድ የገዛ ሰው፣ ከብር ሒሳቡ የሚቀነስበት ገንዘብ ሲገዛ ካሰላው የሚለየው ስለምንድን ነው? ካርዱ በተጠቀሰበት ሰዓት ባንኩ ገንዘቡን ይይዛል እንጂ አያወራርድም። ሒሳቡ የሚወራረደው ሻጩ ክፍያውን ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜም ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በዚያው ዕለት ተመን ነው።

ግዢው ዓርብ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ተፈጸመ እንበል። የዶላር መሸጫ 58 ብር ገደማ ስለነበረ የተያዘው 5,800 ብር ያህል ነው። ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ፤ የንግድ ባንክ መሸጫም ወደ 76 ብር ወጣ። ያን ዕለት ቢወራረድ 7,600 ብር ይሆናል። ባንኩ በመቶ 2.5 ኮሚሽን የሚያስከፍል ከሆነ ደግሞ 190 ብር ይታከላል፤ ሻጩ ግን ከ100 ዶላር የበለጠ አልጠየቀም።

በሒሳብ መግለጫው ላይ የግዢውና የመወራረጃው ቀን ለየብቻ ከተጻፉ፣ ተመኑን ከሁለተኛው ቀን ጋር ማመሳከር ነው። ዕቃው ቢመለስ እንኳ ተመላሹ የሚሰላው በሚመለስበት ዕለት ተመን ሲሆን፣ ኮሚሽኑ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።