ጥርስ ሲበቅልና በሽታ ሲገባ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ እንድንናገር ስለተፈቀደልን እናመሰግናለን። ይዘን የቀረብነው ነገር «ጥርሱ ነው» የሚባለው ቃል ነው። በየቤታችን ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ይህ ቃል ይነገራል፤ ከተነገረ በኋላ ማንም ወደ ጤና ጣቢያ አይሮጥም። ለዕድር ጥሪ ምክንያት ሊሆን የሚችለውም ይኸው መዘግየት ነው።

መጀመሪያ ጥርስ ራሱ ምን እንደሚያደርግ እንይ። የፊተኞቹ የታች ሁለት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር አካባቢ ይወጣሉ፤ አንዳንዱ በ4 ወር፣ አንዳንዱ በ12 ወር ያወጣል፤ ሁለቱም ጤና ነው። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ወጥተው የሚያልቁት በሁለት ዓመት ተኩልና በሦስት ዓመት መካከል ነው። ጥርሱ ድዱን ሊሰነጥቅ ሲል ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል። ሕፃኑ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ምግብም ሊቀንስ ይችላል። ሰውነቱ ትንሽ ሞቅ ሊልም ይችላል። ይህ ሁሉ ጥርሱ ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት በፊትና ጥቂት ቀናት በኋላ የሚታይ ነው፤ ለአንድ ጥርስ ቢበዛ አንድ ሳምንት ያህል ቢሆን ነው። የጥርስ ሥራ በአፍ አካባቢ ይቀራል፤ ሆድ ውስጥ አይገባም፣ ደረት ውስጥም አይገባም።

ታዲያ አያቶቻችን ያዩት ውሸት ነው እንዴ? አይደለም፤ ያዩትስ እውነት ነው። ጥርስና ተቅማጥ አንድ ላይ ይመጣሉ። የሚመጡበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ያገኘው የበሽታ መከላከያ 6 ወር ሲደርስ እያለቀ ነው። በዚያው ወር ገንፎና አጥሚት ይጀመርለታል፣ ጡጦ ይገባል፣ ወለል ላይ መዳህ ይጀምራል፤ ድዱ ስለሚያሳክከው ደግሞ ከመሬት ያነሳውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ተቅማጡ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ጥርሱ በዚያው ሳምንት ስለታየ ጥፋቱ በእሱ ይለጠፋል።

እስቲ አንድ የ7 ወር ልጅ፣ 8 ኪሎ የሚመዝን፣ በሐሳባችን እንያዝ። ሰኞ ለሃጩ ደረቱን አርሶታል፣ የእናቱን ጡት ይነክሳል፣ የታች ድዱ ላይ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። አያቱ «ጥርሱ ነው» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ረቡዕ ግን ከጠዋት እስከ ከሰዓት 6 ጊዜ ቀጭን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ወጣው፤ ቴርሞሜትር በብብቱ ሲደረግ 38.4 አሳየ። አያቱ አሁንም «ጥርሱ ነው» አሉ። እዚህ ላይ ልንለያይ ይገባል። በብብት ተለክቶ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው፤ ለትኩሳት ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። እናቲቱ የቀኑን አመጋገብ ብታስታውስ፣ የጠዋቱ አጥሚት በጡጦ ውስጥ ተቀምጦ ከሰዓት በኋላ ተሰጥቶት ነበር።

አሁን ምን ታድርግ? ጡቷን አታቋርጥ፤ እንዲያውም ደጋግማ ታጥባ። የኦ አር ኤስ ፓኬት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ትበጥብጥ። ልኩን በዓይን አትገምት፤ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሁለት ጊዜ መለካት ነው፣ ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛበታልና። ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ኩባያ በማንኪያ ቀስ እያለች ትስጠው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይታ ትቀጥል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ጤና ጣቢያ ዚንክ ይሰጣታል፤ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘው ቀን እስኪያልቅ ይዋጣል።

የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ትልቀቀው። ወዲያው ካልተመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሰውነቱ ከዛለ፣ ጡት መሳብ ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም በሰገራው ደም ካለ ማደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ይወሰድ። ሳል ካለበት ደግሞ ልብሱን ገልጣ እስትንፋሱን አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቁጠር፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይታይ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በአንዳንድ ቤት «ጥርሱ ነው» ከተባለ በኋላ ጥርስ ነቃይ ይጠራል። ነቃዩ የሕፃኑን ድድ ገልጦ ክራንቻ የሚወጣበትን ያበጠ ነጭ ቦታ ያሳያል፤ «ተቅማጡን ያመጣው ይሄ ነው» ይላል፤ በሹል ነገር ቆፍሮም ያወጣዋል። የሚያወጣው መጥፎ ጥርስ ወይም ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የልጁ የራሱ የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ይጎዳል፤ ልጁ ካደገ በኋላ ክራንቻው ጠማማ ሆኖ ወይም ጨርሶ ሳይወጣ ይቀራል። ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። በተቅማጥ የደከመ ሕፃን ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መንጋጋ ቆልፍ ይገባል፤ አንድ መሣሪያ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሄድ ደግሞ ኤች አይ ቪም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

«ለእኛ ልጅ ግን ሠርቶለታል» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። አብዛኛው ተቅማጥ በራሱ ከሳምንት በፊት ይቆማል። ነቃዩ የሚጠራው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው፤ በማግሥቱ ሲቆም ምስጋናው ለነቃዩ ይሆናል። ፈሳሹ አልቆበት ያልተረፈው ልጅ ግን «ዘግይቶ ተነቀለ» ይባላል እንጂ የነቃዩ ስም አይነሳም።

የእውነት የጥርስ ሕመም ሲሆንስ? እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ጥፍርን ቆርጦ፣ ድዱን በጣት አንድ ሁለት ደቂቃ ረጋ አድርጎ ማሸት ከሁሉ ይሻላል። ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነክሮ እያየነው እንዲያኝከው መስጠትም ጥሩ ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ማቀዝቀዝ ይችላል፤ በረዶ የሆነ ነገር ግን ድዱን ያቆስላል። ጥሬ ካሮት አይሰጠው፣ ተሰብሮ ያንቀዋል። አገጩንና አንገቱን ቶሎ ቶሎ ማድረቅ ለሃጩ የሚያመጣውን ሽፍታ ይከላከላል።

አረቄ ድዱ ላይ አይቀባ፤ ማር አንድ ዓመት ላልሞላው አይሰጥ፤ አስፕሪን ለልጅ አይደለም። ከውጭ አገር ዘመዶቻችን የሚልኩልን የድድ ማደንዘዣ ቅባትም አለ። ቤንዞካይን ወይም ሊዶካይን የሚባለው ካለበት አትጠቀሙበት፤ የመጀመሪያው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል፣ ሁለተኛው ቢዋጥ ልብንና አንጎልን ይጎዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሊዶካይን በ2014፣ ስለቤንዞካይን በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስጠንቅቋል። በአንገት የሚታሰር ዶቃና ክር ሕፃኑ ሲተኛ ይፈታ፣ አንቆት ያውቃልና።

ሌሊት ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳው ፓራሲታሞል ይቻላል፤ ልኩ በኪሎ ነው እንጂ በዕድሜ አይገመት። ለ8 ኪሎው ልጃችን በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ ለአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳያልፍ። በጠብታ የሚሰጠው ዓይነት ከሽሮፑ ይበረታል፤ አንዱን በሌላው ልክ መስጠት አደጋ ነው። የመለኪያው ማንኪያ ከጠርሙሱ ጋር የመጣው ይሁን፤ የሻይ ማንኪያችን በየቤቱ ይለያያል። ከሁለት ቀን በላይ መድኃኒት የፈለገ ልጅ ጥርሱ ብቻ አይደለም፣ ይታይ።

ጥያቄ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ እዚሁ ነን።