መጥረቢያውና ጫካው

(በመድረሳችን የከፍተኛ ክፍል ደረሶች ክርክር መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የዛሬው ጥያቄ ድህነት የሚመጣው ከሰውየው ከራሱ ምርጫ ነው ወይስ ከሚኖርበት ሥርዓት የሚል ነው። በቀኝ በኩል የተቀመጡት “ከምርጫው ነው” ብለው ይከራከራሉ፤ በግራ ያሉት “ከሥርዓቱ ነው” ይላሉ። ቡድኑን የለየነው በዕጣ ነው፤ ስለዚህ ማንም በተናገረው እንዳይወቀስ አደራ እንላለን።

ሁለቱም ቡድኖች ሲዘጋጁ አንድ ሐዲስ ይዘው ወደ እኛ መጥተው ነበር። አቡ ዳውድ ከአነስ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው፤ ሰነዱ ደካማ ነው ያሉ ዑለሞችም አሉ። ከአንሷር የሆነ አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ለመነ። እሳቸውም ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁት። ያለው ከፊሉን ለብሰው ከፊሉን የሚያነጥፉት አንድ ጨርቅና ውሃ የሚጠጡበት አንድ ዕቃ ብቻ ነበር። ሁለቱን አስመጥተው በተሰበሰበው ሰው ፊት በጨረታ ሸጡለትና ሁለት ዲርሃም አወጡ። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲገዛ፣ በሌላው መጥረቢያ ገዝቶ እንዲያመጣ አዘዙት። መጥረቢያውን ሲያመጣ እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለት። ከዚያም እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥና እስከ አስራ አምስት ቀን እንዳይመለስ ነገሩት። ሰውየው ሲመለስ አስር ዲርሃም ይዞ ነበር።

የቀኙ ቡድን ይህን ሲያነብ “ይኸው፣ ሰውየው መለመን ትቶ ሥራ ሲመርጥ ድህነቱ ቀረ” ይላል። ልክ ነው። ሐዲሱ ግን ሁለተኛ ጊዜ መነበብ አለበት። ሰውየው መጥረቢያውን ይዞ የት ሄደ? እንጨት ወዳለበት ሄደ፤ “ይህ የእገሌ ርስት ነው፣ አንተ እዚህ አትቆርጥም” ያለው አልነበረም። በሌላ ሐዲስ ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸው ተነግሯል። እንጨቱን የሸጠውስ የት ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለመዲና ሰዎች ገበያ ለይተው፣ በገበያው ላይ ግብር እንዳይጣል ማለታቸው ተዘግቧል። ስለዚህ በዚያ ታሪክ ውስጥ መጥረቢያም አለ፣ ጫካም አለ። ጥረቱ የሰውየው ነው፤ ክፍት ጫካና ክፍት ገበያ ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚያመጣቸው ነገሮች አይደሉም።

የፊቅህ ዑለሞቻችንም ይህን አላለፉትም። ጉልበት ኖሮት መሥራት ለሚችል ሰው ዘካ አይገባውም የሚል ሐዲስ አለ። ኢማም ነወዊን የመሰሉ ዑለሞች ግን ጉልበት ያለው ሰው የሚሠራበት ካላገኘ ዘካ እንደሚሰጠው አብራርተዋል። መጥረቢያ ያለው ነገር ግን ጫካ የሌለው ሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። “እስላም ንግድና ሽመና በደሙ አለ” ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ አንዳንዴም እኛው ራሳችን በኩራት እንለዋለን። በጎንደር ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ እንይ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። የእስላም ሰፈርም ከከተማው ተለየ። በዚያ አካባቢ ሙስሊም ርስት አይይዝም ነበር፤ ቢያርስም የሚያርሰው በሰው መሬት ላይ ነው። የቀረው መንገድ ወይ ሲራራ ንግድ ወይ ሽመና ነበር። “ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም” የሚለው አባባልም ትርጉሙ ይኸው ነው። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዳልነበረ ግን እንዳትረሱ፤ በወሎ መሬት ያለው ሙስሊም ገበሬ ብዙ ነበር።

እንግዲህ በዚያ የእስላም ሰፈር ጎን ለጎን ጉድጓድ ቆፍረው የሚሸምኑ ሁለት ሰዎችን እናስብ። ምሳሌ ነው፤ የእገሌ ታሪክ አይደለም። አንደኛው ድርና ማጉን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል። ጋቢውን ሲጨርስ መሸጥ የሚችለው ለዚያው ነጋዴ ነው፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። በዓል ሲመጣ ደግሞ ለድግስ ይበደራል። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ጋቢ ጥቂት ጥቂት እያስቀረ፣ ከዓመት በኋላ ፈትሉን በራሱ ገንዘብ መግዛት ይጀምራል፤ ጋቢውንም ገበያ አውጥቶ ዋጋ ለሰጠው ይሸጣል። ሙያቸው አንድ ነው፣ አጥሩም አንድ ነው፤ ኑሯቸው ግን ተለያየ። የቀኙ ቡድን ይህን አጥብቆ ይያዝ፤ እውነት ነውና።

ቀጥሎ ዝናብ የቀረበት ዓመት ይምጣ። የእህል ዋጋ ይወጣል። ሰው ሲርበው መጀመሪያ የሚተወው ደግሞ አዲስ ልብስ መግዛት ነው። ሸማኔው የሚገዛው ነገር ሲወደድ የሚሸጠው ነገር ገዢ ያጣል። ቆጣቢው ሸማኔ ከተበዳሪው ሁለት ወር ይቆይ ይሆናል እንጂ እሱም ይወድቃል። ርስት ያለው ገበሬም በዚያ ዓመት ይጎዳል፤ በሬውን ሊሸጥ ይችላል። ግን በመሬቱ ተማምኖ የሚያበድረው ያገኛል፤ ዝናቡ ሲመለስም የሚመለስበት ማሳ አለው። የግራው ቡድን ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እኩል የቆጠቡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከአጥሩ ውስጥ ሌላው ከውጭ ስለሆኑ ብቻ መጨረሻቸው ተለያየ።

አጥሩ በራሱ አልፈረሰም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረዋቸው ነበሩ። “በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች” ሳይሆን “ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች” እንድንባል፣ በዓሎቻችንም እንዲከበሩ ጠየቁ። በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ መሬት እንዲሰጠው አዘዘ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከአስር ሄክታር እንዳይበልጥም ወሰነ። ሃይማኖቱን የሚጠይቅ አንቀጽ አልነበረበትም።

የቀኙ ቡድን ተነስቶ “አጥሩ ከፈረሰ ይኸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆነው፤ ዛሬስ ምን ሰበብ አለን?” ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛንም ያስጨንቀናል። ጫት ቤት ተቀምጦ የዋለውን ልጅ የ1660ው ውሳኔ አላስቀመጠውም። የግራው ቡድን ደግሞ መሬት ተፈቀደ ማለት በሬ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ ከአባት የተወረሰ የእርሻ ልምድ አብሮ ተሰጠ ማለት እንዳልሆነ ሊመልስ ይችላል። ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ሸማ ሲሠራ ያደገ ሰው በአንድ አዋጅ አራሽ አይሆንም።

ከሁለታችሁም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። “ሰነፍ ስለሆነ ደኸየ” የሚል ሰው በዚያው አጥር ውስጥ ያለ ታታሪ የት እንደደረሰ ያሳየን። “ሥርዓቱ አደኸየው” የሚልም ያንኑ ምርጫ የመረጠ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው የት እንደደረሰ ያሳየን። ማነጻጸሪያ የሌለው ምሳሌ ነጥብ አያስቆጥርም። ስለ እኛ በደል የምታነሱ ከሆነ ደግሞ በተመሳሳይ አጥር ውስጥ የኖሩ ሌሎችንም አስታውሱ፤ በጎንደር መሬት የተከለከለው ሙስሊም ብቻ አልነበረም፣ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ነበሩ።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ ይሰጣል። የቀኙ ቡድን ይጀምር፤ ቢስሚላህ በሉ።