ፊደሉ የዝርዝሩ ነው፤ የመጽሐፉ አይደለም



ስለ ደብረ ወርቅም ሆነ ስለ ጎጃም የመካከለኛው ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትን ሥራዎች ሳይጠቅስ ማለፍ ይከብደዋል። ከእነዚህ ሁለቱ የታተሙት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በአንድ ዓመት፣ በ1972 ነው። አንዱ ከ1270 እስከ 1527 ያለውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት የሚመረምረው «ቸርች ኤንድ ስቴት ኢን ኢትዮጵያ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። ሌላው ስለ አረማውያን ተቃውሞ ትውፊቶች በጆርናል ኦቭ ኢትዮጵያን ስተዲስ የወጣው፣ ርዕሱ «ኤ ሾርት ኖት» ብሎ የሚጀምረው አጭር ጽሑፍ ነው።

በደራሲና ዓመት የአጠቃቀስ ሥርዓት «ታደሰ 1972» ብቻ ብንል አንባቢው ማስረጃውን በየትኛው እንደሚፈልግ አያውቅም። የገጽ ቁጥርም ሁልጊዜ አያድነውም፤ በመጽሔት ውስጥ ያለ ጽሑፍ የግድ ከገጽ 1 አይጀምርምና። ስለዚህ በዓመቱ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ በእንግሊዝኛ ዝርዝር ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እንጨምራለን።

ፊደሉን የሚወስነው የርዕሶቹ የፊደል ተራ ነው እንጂ የትኛው አስቀድሞ መታተሙ ወይም በጽሑፋችን አስቀድሞ መጠቀሱ አይደለም። በእንግሊዝኛ ርዕስ መነሻ ላይ የሚመጡት «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ» አይቆጠሩም። እንግዲህ አጭሩ ጽሑፍ የሚሰለፈው በ«ሾርት» ስለሆነ መጽሐፉ 1972ሀ፣ ጽሑፉ 1972ለ ይሆናል። «ኤ»ን የቆጠረ ሰው ተራውን ይገለብጠዋል።

አሁን ተማሪው ርዕሱ በእንግሊዝኛው «ኤም» የሚጀምር ሦስተኛ የ1972 ሥራ አገኘ እንበል። አዲሱ 1972ለ ይሆናል፤ አጭሩ ጽሑፍም ወደ 1972ሐ ይሸጋገራል። በምዕራፎቹ ውስጥ የቀሩት የቀድሞ «1972ለ»ዎች ሁሉ ያለ ምንም ምልክት ወደ ሌላ ሥራ ይጠቁማሉ። ፊደል የሚሰጠው ዝርዝሩ ከተጠናቀቀ በኋላ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ከሌላ ሰው ጥናት «1972ለ» ብሎ መቅዳትም የማይገባው ለዚሁ ነው፤ በዚያ ዝርዝር ለ የነበረው በእኛ ሀ ሊሆን ይችላል።

በእኛ ስም አጻጻፍ የሚመጣ አንድ ችግር ልጨምር። አንዱ ሥራ በ«ታደሰ»፣ ሌላው በ«ታምራት» ሥር ከተመዘገበ አንድ ደራሲ ሁለት ሰው ይመስላል፤ ፊደሉም ጨርሶ አይታይም። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚወስዱ የማጣቀሻ ሶፍትዌሮች ይህን ደጋግመው ያደርጋሉ። ስለሆነም አስቀድማችሁ ስሙን አንድ አድርጉ፤ ቀጥሎ ርዕሶቹን ደርድሩ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ጥቅስ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ።