እህል በድንገት ስለ በላ በሬና ስለ ጨጓራው ውሃ ምርመራ



አንድ በሬ ሌሊት ማሰሪያውን በጥሶ የተፈጨ ገብስ አግኝቶ እስኪጠግብ ቢበላ፥ ባለቤቱ በጧት ስለ እህሉ ይቈጣል እንጂ ስለ በሬው አይደነግጥም። ለሰው ምግብ የኾነ እህል ለከብት እንዴት መርዝ ይኾናል ይላልና። ነገር ግን በሬው በኹለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሊሞት ይችላል።

በሬ ሣርን የሚያብላላው በራሱ ኀይል ብቻ አይደለም። በትልቁ ጨጓራው ውስጥ ዐይን የማያያቸው እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕያዋን ይኖራሉ፤ ሣሩንና ገለባውን የሚያላሙለት እነርሱ ናቸው። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው። ከሥራቸው የሚወጣውንም አሲድ ከፊሉን ደሙ ይቀበለዋል፤ ከፊሉንም ሲያመሰኳ የሚውጠው ምራቅ ያበርደዋል፤ የከብት ምራቅ እንደ አመድ ውሃ ኮምጣጣን የሚያከሽፍ ጠባይ አለውና። እህል በድንገት ሲበዛ ግን ሌሎች ጥቃቅን ሕያዋን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይነግሣሉ፤ እነዚህም እርጎን የሚያኮመጥጠውን ላክቲክ አሲድ የሚባለውን ያፈራሉ። የተፈጨ እህል ካልተፈጨው ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳል። ሣሩን ያላሙ የነበሩት በኮምጣጣው ያልቃሉ፤ በሬው ማመስኳቱን ይተዋል፤ ምራቁም ያንሳል። ከዚህም በኋላ ኮምጣጣው ጨጓራ ከደሙ ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ ሆዱ በውሃ ተሞልቶ ሳለ ሰውነቱ ይደርቃል፥ ዐይኑም ይጎደጕዳል።

ሐኪሞች የኮምጣጣነትን መጠን ፒ ኤች በሚባል ቍጥር ይለካሉ። 7 ወደ ኮምጣጣም ወደ አመድ ውሃም ያላደላ ነው፤ ቍጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበረታል። ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ ላይ ነው። ከ6 ወደ 5 መውረድ ጥቂት ይመስላል፤ ግን ኮምጣጣነቱ ዐሥር እጥፍ ኾነ ማለት ነው። ሣር የሚበላ ከብት ጨጓራ ከ6 እስከ 7 ይገኛል። ቀስ በቀስ እህል የለመደ ከብት እስከ 5 ተኩል ቢወርድ ላይታመም ይችላል። ሣር ብቻ የለመደው ግን ከ6 ወደ 5 ሲወርድ ያሠጋል፤ ከ5 በታች ከኾነ ሕመሙ ጽኑ ነው።

ለምሳሌ የአንድ ገበሬ ጥማድ በሬዎች፥ ዳለቻውና ቀዩ፥ ማታ የተፈጨ ገብስ በሉ እንበል። ዳለቻው እጅግ በላ፤ ቀዩ ጥቂት ቀመሰ። በማግስቱ ቀትር የከብት ሐኪም ሲደርስ ዳለቻው ጥርሱን ያፋጫል፥ ሲራመድም ይንገዳገዳል፤ ሆዱ ሲገፋ ውሃ እንደ ሞላ አቍማዳ ይንቦጫቦጫል፤ የሚያስቀምጠውም ኮምጣጣ ይሸታል፥ የገብስ ስባሪም አለበት። ሐኪሙ በአፉ ቧንቧ አግብቶ የጨጓራውን ውሃ ቢቀዳ፥ ቀለሙን የሚለውጠው የመመርመሪያ ወረቀት 6 አሳየ። ይህ ቍጥር ሐሰተኛ ነው፤ በቧንቧው መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ከምራቅ ጋራ ተቀላቅሏልና። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ደፍቶ ኹለተኛውን ሳያቈይ ቢለካ 4.7 ኾነ። ውሃውም አረንጓዴነቱን ትቶ ወተትማ ኾኗል፤ በማጕያ መነጽር ሲታይም የሚንቀሳቀስ ሕያው የለበትም። የቀዩ በሬ ግን በዚያው አኳኋን ተለክቶ 5.8 ተገኘ፤ ሕያዋኑም ገና ይንቀሳቀሳሉ።

ስለዚህ ቀዩ እህል ተከልክሎ፥ ድርቆሽ ተሰጥቶት፥ በየጊዜው ከተንሸራሸረ ሊድን ይችላል፤ ሐኪሙ ኮምጣጣውን የሚያበርድ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ በክብደቱ ልክ፥ ለ1 ኪሎ 1 ግራም ያህል፥ በለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ሊሰጠው ይችላል። ለዳለቻው ይህ አይበቃም። ጨጓራው በወፍራም ቧንቧና በለብ ያለ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ፥ ይህ ባይቻል ጎኑ ተቀዶ እህሉ መውጣት አለበት፤ በደም ሥሩም መድኀኒት ያለበት ውሃ ይገባለታል።

ጎረቤቱም በዚያው ሌሊት እህል የበላ በሬ ነበረው፤ ነገር ግን በራሱ ይሻለዋል ብሎ እስከ ሦስተኛው ቀን ጠበቀ። በሬው ተኝቶ አንገቱን ወደ ጎኑ አጥፏል። ወረቀቱ 6 ቢያሳይ ጎረቤቱ ደስ አለው፤ ሐኪሙ ግን አልተደሰተም። ቀኑ ሲረዝም አሲዱ ወደ አንጀትና ወደ ደም ያልፋል፥ ምራቅም ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ቍጥሩ ከፍ ማለቱ ድኗል አያሰኝም። እህሉ በተበላ በመጀመሪያው ቀን የተለካና በሦስተኛው ቀን የተለካ 6 አንድ አይደሉም። ከሞተ በሬ ጨጓራ የተለካውም ለፍርድ አይበቃም። ይህ በሬ ሳይመሽ ሞተ።

ዳለቻው ታጥቦ ዳነ። ነገር ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ በፊት እግሮቹ ያነክስ ዠመር፤ ኮምጣጣው በደም በኩል የሰኰናውን ውስጥ ጎድቶት ነበርና፥ ገበሬው በዚያ ዓመት ቀንበር አላስያዘውም።