የጎደለው የአንድ ወንበር ዋጋ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ስለ ወንበሩ ግዢ የተነሣውን ሐሜት ሰምተናል። ስለዚህ ሒሳቡን በግልጽ ማስረዳት ግዴታችን ነው።

የገዛነው 50 የፕላስቲክ ወንበር ነው። የአንዱ ዋጋ 800 ብር፣ ጠቅላላው 40,000 ብር ነበር። ሻጩ ለበዓሉ ከመቶ 20፣ ብዙ ስለገዛን ደግሞ ከመቶ 10 ቀነሰልን። አባላት 20 እና 10 ደምረው፣ «30 ነው፤ 12,000 ብር መቀነስ ነበረበት፤ ደረሰኙ ግን 11,200 ይላል፤ 800 ብር የት ገባ?» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም መጀመሪያ ደንግጠን ነበር። 800 ብር እኮ የአንድ ወንበር ዋጋ ነው!

ገንዘቡን የበላው ሰው የለም። ከ40,000 ላይ ከመቶ 20 ሲነሣ 8,000 ብር ይሄዳል፤ 32,000 ይቀራል። ሁለተኛው ቅናሽ የሚታሰበው በዚህ በቀረው ላይ ነው። የ32,000 አሥር በመቶ 3,200 ስለሆነ የከፈልነው 28,800 ብር ሆነ። ቀድሞ በተቀነሰው 8,000 ብር ላይ ሁለተኛው ቅናሽ አይነካም። የ8,000 አሥር በመቶ ስንት ነው? 800። ጎደለ የተባለው ይኸው ነው። እንግዲህ እውነተኛው ቅናሽ ከመቶ 28 ነው።

አንዳንዶች «10ሩ አስቀድሞ ቢነሣ ይሻለን ነበር» ብለዋል። ሞክረነዋል፤ 36,000 ይቀራል፣ ከዚያ ላይ ከመቶ 20 ማለት 7,200 ሲነሣ ያው 28,800 ነው።

በቃል ለማስላት ቀላል መንገድ አለ። ከ100 ላይ የሚከፈለውን ያዙ፤ መጀመሪያ 80 ይቀራል፣ ከ80 ላይ አሥር በመቶው 8 ነው፣ 72 ይቀራል። ከ100 እስከ 72 ያለው 28 ቅናሹ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ይጎዳል። ሌላ ሱቅ በአንድ ጊዜ ከመቶ 29 ቢቀንስልን ኖሮ «20 እና 10 ይበልጣል» ብለን እናልፈው ነበር፤ እዚያ ግን 28,400 ብር፣ ማለትም በ400 ብር አንሶ እናገኘው ነበር።

ሻጩ ሁለተኛውንም ቅናሽ ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ አስባለሁ ካለ ግን በእርግጥም 30 ይሆናል። እንዲህ የሚያደርግ ሻጭ ብዙ አይገኝም፤ ቢሆንም ከመክፈል በፊት «10ሩ ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኛ ይህን ሳንጠይቅ ነው የገዛነው፤ ጥፋታችን እሱ ነው።

ደረሰኙ በጽሕፈት ቤታችን ይገኛል፤ ማየት የሚፈልግ አባል መጥቶ ይመልከት።