«ሁለት ጊዜ ከፍለናል» ብሎ ለሥራ አስኪያጅ መንገር
(ሰሚት በተካሄደው የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከመካከላችን አንዷ «በመሥሪያ ቤት ገንዘብ ላይ ስህተት ቢገኝብኝ ለአለቃዬ እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር መልሱ ለዛሬ ተላለፈ። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። እኔም በሒሳብ ክፍል በብዛት ከሚያጋጥሙት ስህተቶች አንዱን፣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ መክፈልን፣ ይዤ ቀርቤያለሁ። የምነግራችሁ ምሳሌ የአንድ የተወሰነ ድርጅት ታሪክ አይደለም፤ ለማስረዳት እንዲመቸኝ ያዘጋጀሁት ነው። በሒሳብ ክፍል የሠራችሁ ግን «ይሄማ የእኛ ቢሮ ነው» ማለታችሁ አይቀርም።

ሃያ ያህል ሠራተኞች ያሉት አንድ የግል ድርጅት አለ እንበል። በመጋቢት ወር መጀመሪያ ዕቃ ይገዛል። ዋጋው 160,000 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በ15 በመቶ 24,000 ብር፣ ጠቅላላው 184,000 ብር ነው። (ተቀናሽ ግብሩን፣ ዊዝሆልዲንግ የምንለውን፣ ነገሩ እንዳይወሳሰብብን ለዛሬ ተውት።) ሻጩ እንደተለመደው ሁለት ወረቀት ይሰጣል። አንዱ ከካሽ ሬጅስተር ማሽን የሚወጣው ትንሹ ደረሰኝ ሲሆን፣ ሌላው የዕቃው ዝርዝር የተጻፈበት አታችመንት ነው። ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ግዢ ቢሆኑም ቁጥራቸው ይለያያል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ መጋቢት 10 የማሽኑን ደረሰኝ ይዛ ግዢውን ፒችትሪ ላይ መዘገበች፤ ተከፈለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የግዢ ሠራተኛው አታችመንቱን ብቻ አምጥቶ «ይሄ ቀርቷል» አላት። እሷም በአታችመንቱ ቁጥር እንደገና መዘገበችው። ፒችትሪ የአንድ አቅራቢ ደረሰኝ ቁጥር ሲደገም ያስጠነቅቃል፤ እዚህ ግን ቁጥሩ ሌላ ስለሆነ ምንም አላለም። ቼኩ ተዘጋጀ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈረሙ፣ 184,000 ብር ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ።

ይህ የታወቀው ግንቦት 12 ነው። የመጋቢት የባንክ ማስታረቅ ሥራ በሚያዝያ መጀመሪያ ማለቅ ሲገባው ዘግይቶ ግንቦት ላይ ተሠራ። ሒሳብ ሠራተኛዋ የባንክ ስቴትመንቱን ስታይ ለአንድ አቅራቢ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት እኩል ክፍያ አገኘች። እኩል ክፍያ ሁሉ ስህተት አይደለም፤ ኪራይም ጥበቃም በየወሩ እኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱን የክፍያ ማዘዣዎች አውጥታ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን አየች። ዕቃው ወደ መጋዘን የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እርግጠኛ ሆነች።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። አንዳንዷ በድንጋጤ ወዲያው ሮጣ «ብዙ ብር ጠፋብኝ!» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ብሩን ከሻጩ አስመልሼ፣ ማንም ሳያውቅ አስተካክላለሁ» ትልና ሳምንታት ታሳልፋለች። ሁለተኛዋን በደንብ እረዳታለሁ፤ ግን ከሁለቱም የከፋው መንገድ የእሷ ነው። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ይነግረናል።

ሻጩ ጋ ያለው 184,000 ብር ተመላሽ ነው። ሻጩም በመዝገቡ ላይ ትርፍ ገንዘብ ያየዋል። ነገር ግን ግዢው ሁለት ጊዜ ስለተመዘገበ፣ በመጋቢት የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ላይ 24,000 ብሩም ሁለት ጊዜ ተቀንሷል። ማስታወቂያው በሚያዝያ ቀርቦ አልፏል። ይህ ማለት ድርጅቱ ለመንግሥት 24,000 ብር አጉድሎ ከፍሏል ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 መሠረት፣ ጊዜው ያለፈበት ታክስ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ መቀጫ አለው፤ የወሩ ከፊልም እንደ ወር ይቆጠራል። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው 1,200 ብር ሲሆን፣ ከዚያ በየወሩ 480 ብር ይጨመራል። ወለዱና አሳንሶ ማስታወቅ የሚያስከትለው መቀጫ ከዚህ ውጭ ነው፤ ሙሉውን የሚያሰላው የገቢዎች ቢሮ ነው። እንግዲህ «ብሩ ሲመለስ እነግራቸዋለሁ» የምትለው እህት፣ ሻጩን ስትጠብቅ የታክሱ ዕዳ እየቆጠረ ነው። ይባስ ብሎ የታክስ ማስታወቂያን ያለ ሥራ አስኪያጁ ዕውቅና ማሻሻል አትችልም። በስውር ልትጨርሰው የማትችለው ጉዳይ ነው።

በሌላ በኩል፣ የመጀመሪያዋ እንዳደረገችው ቁጥሩን ሳይለዩ መሮጥም ጉዳት አለው። ከትንሹ ቢሮ ወጥተን አንድ ትልቅ ምሳሌ እንይ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በመጋቢት 2016 የገጠመውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ ሲስተሙ ተበላሽቶ፣ ሰዎች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። መጀመሪያ በየቦታው የተወራው ቁጥር 2.4 ቢሊዮን ብር ነበር። በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ሲያስረዱ፣ አላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናገሩ፤ ትልቁ ቁጥር በዚያ ሌሊት የተካሄደውን ትክክለኛ ግብይትም የጨመረ ነበር። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በራሱ በባንኩ ሲስተም ላይ የተደረገ ሥራ እንደሆነ፣ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥም ከ620 ሚሊዮን ብር በላይ መመለሱን ገለጹ። ልብ በሉልኝ፤ አንዴ የወጣውን ትልቅ ቁጥር ከሰው ጆሮ ማውጣት ከባድ ነው። ዛሬም 2.4 ቢሊዮን የሚል ሰው ታገኛላችሁ።

ወደ ቢሮዋ እንመለስ። «ብዙ ብር ጠፋ» ብትል ሥራ አስኪያጁ የሚሰሙት ስርቆት ነው። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛዋ ቁጥሩን ለመለየት ግማሽ ቀን ትወስዳለች እንጂ ሳምንት አትወስድም። በዚያ ግማሽ ቀን ከሥልጣኗ ሳትወጣ የምትሠራቸው ነገሮች አሉ። ለሻጩ ደውላ የእኛን ሒሳብ መግለጫ እንዲልክ ትጠይቃለች። ገና ያልወጡ ቼኮችን ይዛ ትቆያለች። ያለፉትን ስድስት ወራት ክፍያዎች በአቅራቢና በመጠን ደርድራ ሌላ ድግግሞሽ እንዳለ ትፈትሻለች። ይህ የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሌላስ የለም?» ብለው ነውና።

የማትነካቸውም አሉ። ሁለተኛውን ምዝገባ ከፒችትሪ አትሰርዝም። ፕሮግራሙ መሰረዝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የተሰረዘ ምዝገባ ኋላ ላይ ኦዲተር ሲያገኘው መደበቅ ይመስላል። ምዝገባው እንዳለ ሆኖ፣ ከተፈቀደ በኋላ በመቃኛ ምዝገባ ይስተካከላል። ከሻጩ ጋርም «ለቀጣዩ ግዢ ያዙት» ብላ አትስማማም፤ ገንዘቡ በጥሬው ይመለስ ወይስ ይቻቻል የሚለውን የሚወስኑት ሥራ አስኪያጁ ናቸው።

ከዚያ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በር ዘግታ፣ አንድ ገጽ ይዛ ትገባለች። ንግግሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አቶ እገሌ፣ አሥር ደቂቃ ፈልጌዎት ነበር። በመጋቢት ለአንድ ግዢ 184,000 ብር ሁለት ጊዜ ከፍለናል። ሁለቱንም የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ብሩ ሻጩ ጋ ነው፤ የሒሳብ መግለጫውን ልኮልኛል፣ ትርፉን አምኗል። የማይመለሰው የታክሱ መቀጫ ነው፤ እስካሁን ቢያንስ 1,200 ብርና ወለድ አለው። የስድስት ወሩን ፈትሻለሁ፤ ሌላ ድግግሞሽ አላገኘሁም። ዛሬ ሁለት ነገር እንዲወስኑልኝ እፈልጋለሁ፦ ለሻጩ የሚላከውን የተመላሽ ደብዳቤና የመጋቢትን ማስታወቂያ ማሻሻሉን።»

መጠኑ ቀድሞ እንደመጣ አያችሁ? ይቅርታ ካስፈለገ አንዴ ይበቃል። ይቅርታው ከበዛ ሥራ አስኪያጁ እሷን ማጽናናት ይጀምሩና ውሳኔው ይዘገያል።

ምክንያቱን ሲጠይቋት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ምንም አያስተካክልም። የሚጠቅመው ምክንያት ሊታረም የሚችለው ነው። እዚህ ሁለት አሉ፦ አንድ ግዢ በሁለት ቁጥር መመዝገብ መቻሉና የባንክ ማስታረቁ መዘግየቱ። ማስታረቁ በጊዜው ተሠርቶ ቢሆን ስህተቱ ከታክስ ማስታወቂያው በፊት ይገኝ ነበር፤ መቀጫም ባልነበረ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምራ በማሽኑ ደረሰኝ ቁጥር ብቻ ትመዘግባለች፣ አታችመንቱን ከደረሰኙ ጋር ትሰፋዋለች፣ በተከፈለበት ላይ «ተከፍሏል» የሚል ማኅተም ታደርጋለች፤ ይህንንም ጀምሬዋለሁ ትላለች።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ይቀራል፤ ሁለተኛውን ቼክ የፈረሙት ራሳቸው ናቸው። «እርስዎም ፈርመዋል» ማለት ጠብ መጀመር ነው፤ ጨርሶ መዝለልም ምክንያቱን ጎዶሎ ያደርገዋል። እኔ ብሆን «ሁለተኛው ቼክ ለፊርማ ሲቀርብ ዋናው የማሽን ደረሰኝ አብሮ አልነበረም፤ ከእንግዲህ ያለሱ አላቀርብልዎትም» እላለሁ። ከፈለጉ የራሳቸውን ድርሻ ከዚያ ውስጥ ያገኙታል።

ስለ ሥራችን ዋስትናም ልናገር፤ ብዙዎቻችንን ዝም የሚያሰኘን እሱ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃው ጉዳቱ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሲደርስ ነው። በቅንነት የተፈጠረና በተገኘበት ቀን የተነገረ የምዝገባ ስህተት አንድ ነገር ነው፤ ታውቆ ሁለት ወር የተያዘ ደግሞ ሌላ። ደመወዝም እንዲሁ በቃል አይቆረጥም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜም ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ በዚያ ቀን «መቀጫውን ከደመወዜ ለመክፈል ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ቢቀርብላት «አንብቤው ነገ መልስ እሰጣለሁ» ብትል መብቷ ነው። ስህተቱን ማመንና ዕዳውን መፈረም ለየብቻ ናቸው።

ከስብሰባው ስትወጣ የተወሰነውን በአጭር ማስታወሻ ጽፋ፣ ቀን አድርጋ ለሥራ አስኪያጁ ትሰጣለች፤ ቅጂውን ከሁለቱ የክፍያ ማዘዣዎች ጋር ታያይዛለች። ሻጩ ብሩን ያስገባ ቀን የባንኩ ማስረጃ፣ ታክሱ የተከፈለ ቀን ደረሰኙ እዚያው ፋይል ውስጥ ይገባሉ። የዓመቱ ኦዲተር መጥቶ ሁለቱን እኩል ክፍያዎች ሲያይ የሚጠይቀው እሷን ነው፤ ፋይሉን ታቀብለዋለች።